ፎልደሩ ከሼርድ ድራይቭ ላይ ጠፋ፤ ለአይቲ ምን ተብሎ ይጻፍ?

«S ድራይቭ ላይ የነበረው የፋይናንስ ፎልደር ስለጠፋ በአስቸኳይ ይመለስልን።» ለአይቲ ክፍል የሚላከው መልእክት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጨዋ ነው፤ ችግሩንም ተናግሯል። የሚያነበው ባለሙያ ግን በዚህ ብቻ ሥራ መጀመር አይችልም። ስልክ ይደውላል፤ ጠያቂው ስብሰባ ገብቷል፤ መልሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በዚያ መሃል ሌሎች ሠራተኞች በጠፋው ቦታ አዲስ ፎልደር ይከፍታሉ፣ ሰነድ ያስገባሉ፣ ነገሩ ይወሳሰባል። ፎልደሩ ጨርሶ መመለስ መቻሉ በሰርቨሩ ዝግጅት ላይ ይወሰናል። የስንት ሰዓት ሥራ ይዞ እንደሚመለስ ግን በአብዛኛው የሚወስኑት መልእክቱ ላይ የተጻፉት ሁለት ሰዓቶችና አንድ አድራሻ ናቸው።

የማወራው ቢሮ ውስጥ ስለተቀመጠ የዊንዶውስ ፋይል ሰርቨር ነው። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት S ወይም Z የሚል ድራይቭ ያያል፤ ፋይሎቹ ግን ያሉት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ባለው ማሽን ላይ ነው። ይህ ልዩነት ፎልደር በሚሰረዝበት ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። ከራስ ኮምፒውተር የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገባል፤ ከሼርድ ድራይቭ የተሰረዘ አይገባም። ዊንዶውስ ለዘለቄታው እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጥያቄ ያወጣል፤ ሰው ግን እንደ ዕለት ተዕለቱ ጥያቄ ቆጥሮት Yes ይላል። ከዚያ በኋላ ሪሳይክል ቢን ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። Ctrl+Z መጫንም በኔትወርክ ላይ የተሰረዘን አይመልስም።

ሆኖም ጠፋ የተባለው ሁሉ የተሰረዘ አይደለም። በጣም የተለመደው ምክንያት ማውስ ነው። አንድ ሰው ፎልደሩን ሊከፍት ሲል ጣቱ ሳይለቅ ትንሽ ይጎትተዋል፤ ፎልደሩም ጎኑ ባለው ሌላ ፎልደር ውስጥ ይወድቃል። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ፎልደር ማዛወር ለሰርቨሩ አድራሻ እንደ መቀየር ስለሆነ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን በቅጽበት ያልቃል፤ ማስጠንቀቂያም አይወጣም። መሰረዝ ግን ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ስለሚሄድ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ካሉ ጊዜ ይወስዳል፤ የሂደቱም መስኮት በስክሪኑ ላይ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ጊጋባይት ያለው ፎልደር በዓይን ጥቅሻ ከጠፋ መጀመሪያ ጎረቤት ፎልደሮች ውስጥ መፈለግ ይገባል። የጎተተው ሰው ራሱ ወዲያው ካወቀና ሌላ ነገር ካልነካ Ctrl+Z እዚህ ላይ ይሠራል።

ፍለጋው ላይ የአማርኛ ስም የራሱ ችግር አለው። «የሠራተኞች ደመወዝ 2017» ተብሎ የተሰየመን ፎልደር «የሰራተኞች» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። በንባብ አንድ የሆኑት ሠ እና ሰ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ደሞዝ» እና «ደመወዝ» ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። መፍትሔው በስሙ ውስጥ አንድ ብቻ አጻጻፍ ያለውን ክፍል መፈለግ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለዚህ ይመቻል። የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት በሆነው በፓወርሼል እንዲህ ይጻፋል፦

```
Get-ChildItem -Path 'S:\' -Directory -Recurse -Filter '*2017*' -ErrorAction SilentlyContinue | Select-Object FullName
```

በትልቅ ድራይቭ ላይ ይህ ደቂቃዎች ይፈጅ ይሆናል። ከዚህ በፊት ወይም ጎን ለጎን አንድ የሥራ ባልደረባን «አንተ ጋ ይታያል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እርሱ ጋ የሚታይ ከሆነ ፎልደሩ አልጠፋም፤ የጠፋው የእናንተ ፈቃድ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ሠራተኛው ሊከፍተው የማይፈቀድለትን ፎልደር ከነስሙ እንዲደብቁ ስለሚዘጋጁ፣ የሥራ ክፍል የቀየረ ወይም ከአንድ ግሩፕ የወጣ ሰው ፎልደሩ የተሰረዘ ይመስለዋል። ያኔ የሚጻፈው መልእክት ሌላ ነው፤ ፋይል እንዲመለስ ሳይሆን ፈቃድ እንዲስተካከል ነው የሚጠየቀው።

ተፈልጎ ካልተገኘና የማንም ኮምፒውተር ላይ ካልታየ ወደ መልእክቱ እንሂድ። ከሁሉም በላይ የምሟገትለት ሰዓቱ ነው። «ዛሬ ጠፋ» ማለት አይበቃም። ፎልደሩ በእርግጠኝነት ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ሰዓት አንድ፣ አለመኖሩ መጀመሪያ የታወቀበት ሰዓት ሁለት። የተሰረዘበትን ቅጽበት ማንም ላያውቅ ይችላል፤ ሁለቱ ሰዓቶች ካሉ ግን በመካከላቸው እንደሆነ የታወቀ ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚታየው ሰርቨሩ ቅጂ የሚያስቀምጥበትን መንገድ ሲያውቁት ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር ሻዶው ኮፒ የሚባል አሠራር አለው፤ አይቲ ካበራው በተወሰነ ሰዓት የድራይቩን ሁኔታ ባለበት ይይዛል። ማንም ካልቀየረው ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 7:00 እና 12:00 ላይ ይይዛል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓትና እኩለ ቀን 6 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ በመብራት መጥፋት ወይም በሌላ ምክንያት ከሥራ ውጪ ከነበረ የዚያ ሰዓት ቅጂ አይኖርም።

አሁን አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ዕለቱ ረቡዕ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የፋይናንስ ክፍል የደመወዝ ሰነዶችን ለኦዲት እያዘጋጀ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አንዲት ባለሙያ ከፎልደሩ ውስጥ ፋይል ከፍታ ሠርታለች። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ሰው ሲገባ ፎልደሩ የለም። ሁለቱም ሰዓቶች የተነገሩት ባለሙያ መጀመሪያ የ6 ሰዓቱን ቅጂ ይከፍታል። ፎልደሩ እዚያ ካለ የተሰረዘው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ይመለሳል፤ የሚጎድለው ከ6 ሰዓት በኋላ የተጨመረ ካለ እርሱ ብቻ ነው። በ6 ሰዓቱ ቅጂ ውስጥ ከሌለ ከ5 እስከ 6 ባለው ጊዜ ተሰርዟል፤ ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ቅጂ ይመለሳል፤ የረፋዱ ሥራም እንደገና እንደሚሠራ ያኔውኑ ይታወቃል።

መልእክቱ ላይ «በ8:30 አጣነው» ብቻ ተጽፎ ቢሆንስ? ባለሙያው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰርቨር ሰዓት ነው፤ 8:30 ለእርሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት የተያዘውን የ7:00 ቅጂ አውጥቶ ይመልሳል፤ ሥራው ተሳክቷል ብሎም ይዘጋዋል። የ6 ሰዓቱ ቅጂ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው የአምስት ሰዓት ሥራ ግን ሳይነካ ቀረ። በቅንነት የተሠራ፣ ማንም ያልተሳሳተበት የሚመስል ጥፋት ነው፤ የሚያስቆጨኝም ለዚህ ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል፣ በኮምፒውተሩ ሰዓት 14:30» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 2/11/2017 ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐምሌ 2 ማለቱ ነው፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ግን በፈረንጆች 2017 ኖቬምበር 2 ወይም ፌብሩዋሪ 11 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና 2025-07-09 ብሎ ጎኑ ማስቀመጥ ይሻላል። በፎልደሩ ስም ውስጥ ያለው 2017 የኢትዮጵያ በጀት ዓመት መሆኑም ይጠቀስ፤ ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ የሚታዩት በ2024 እና በ2025 ቀናት ነው።

ቀጥሎ አድራሻው። S የሚለው ፊደል የእናንተ ኮምፒውተር ለሰርቨሩ የሰጠው ቅጽል ስም ነው፤ ሌላው ክፍል ያንኑ ቦታ Z ብሎ ሊጠራው ይችላል፤ የሌላው ክፍል S ደግሞ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን አድራሻ ለማወቅ Command Prompt ከፍቶ ይህን መጻፍ ነው፦

```
net use
```

በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ Local ከሚለው ሥር S: ይታያል፤ Remote ከሚለው ሥር ደግሞ `\\FS01\Finance` የሚመስል አድራሻ ይገኛል። መልእክቱ ላይ የሚገባው ይህ ነው፤ ከኋላው የፎልደሩ መንገድ ይቀጥላል። የፎልደሩን ስም ከትዝታ አትጻፉት፤ ቅድም የተነሣው የፊደል ችግር እዚህም ይመጣል። ከፎልደሩ ውስጥ በቅርቡ ኤክሴል ወይም ወርድ ፋይል የከፈተ ሰው ካለ በዚያው ፕሮግራም File፣ Open፣ Recent ውስጥ ፋይሉ ቢጠፋም ስሙ ይቀመጣል። በላዩ ራይት ክሊክ አድርጎ Copy path to clipboard ሲል ሙሉ አድራሻው በትክክለኛው ፊደል ይገለበጣል። ፎልደሩ ከጠፋ በኋላ ስሙን ሳይሳሳቱ ለማግኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

እንግዲህ መልእክቱ ይህን ይመስላል፦

> ለ፦ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ ከሼርድ ድራይቭ የጠፋ የደመወዝ ፎልደር እንዲመለስ ስለመጠየቅ (2025-07-09)
>
> እንደምን ዋላችሁ፣
>
> የሚከተለው ፎልደር ከሼርድ ድራይቭ ላይ ጠፍቷል፦
> `\\FS01\Finance\ደመወዝ\የሠራተኞች ደመወዝ 2017`
> (በእኛ ኮምፒውተር S: ነው። 2017 የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ነው።)
>
> ለመጨረሻ ጊዜ የታየው፦ ዛሬ ረቡዕ ሐምሌ 2፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት (11:00)።
> አለመኖሩ የታወቀው፦ ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል (14:30)።
>
> ጎረቤት ፎልደሮች ውስጥ ፈልገን አላገኘነውም፤ ሦስት ባልደረቦችም እንደማይታያቸው አረጋግጠዋል። በቦታው ላይ አዲስ ፎልደር አልከፈትንም።
>
> በቅድሚያ የምንፈልገው በውስጡ ያለውን የሰኔ ፎልደር ነው፤ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (09:00) ለኦዲተር ይቀርባል። የቀረው እስከ ዓርብ ቢደርስ ይበቃል።
>
> ፎልደሩን የመክፈት ፈቃድ የነበራቸው የደመወዝ ክፍል ሠራተኞችና የፋይናንስ ኃላፊዋ ብቻ ናቸው። ሲመለስም እንዲሁ እንዲሆን፣ ከተቻለም መጀመሪያ በሌላ ስም ጎን ለጎን እንዲቀመጥልን እንጠይቃለን።
>
> ለጥያቄ በውስጥ ስልካችን ታገኙናላችሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር፣
> የደመወዝ ክፍል

ይህ እንደ መስሪያ ቤት ደብዳቤ በኃላፊ ተፈርሞ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ እንዲደርስ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ወረቀቱ በመንገድ ላይ እያለ በስልክ ማሳወቅ የግድ ነው። ከቅጂዎቹ ጋር የሚደረገው እሽቅድምድም ደብዳቤ አይጠብቅም። ሻዶው ኮፒ በአንድ ድራይቭ ላይ ከ64 ቅጂ በላይ አይዝም፤ ካልተቀየረ በቀር የሚፈቀድለት ቦታም የድራይቩ 10 በመቶ ነው። አዲስ ቅጂ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። በቀን ሁለት፣ በሳምንት አሥር ከተያዘ 64ቱ የስድስት ሳምንት ተኩል ያህል ነው። ድራይቩ ላይ ብዙ ነገር ከተጻፈ ግን የተሰጠው ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ አሮጌዎቹ ከዚያም ቀድመው ይጠፋሉ። በሚያዝያ የተሰረዘ ፎልደር ሐምሌ ላይ ኦዲተር ሲጠይቀው ብቻ ከታወቀ በዚህ መንገድ የመገኘቱ ተስፋ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ባክአፕ ነው፤ እርሱም ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ በየመስሪያ ቤቱ ይለያያል።

ስለዚህ መልሱ እስኪመጣ ድራይቩ ላይ ትልልቅ ነገር፣ በተለይ ቪዲዮና የስካን ክምር፣ አለመገልበጥ ይረዳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በጠፋው ስም አዲስ ፎልደር አለመክፈት ነው። በአዲሱ ውስጥ «ሰኔ.xlsx» የሚል ፋይል ተፈጥሮ ከሆነ የሚመለሰውም «ሰኔ.xlsx» ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን ይሽራል። ሥራው መቆም ካልቻለ ፋይሎቹን የራስ ዴስክቶፕ ላይ ማቆየት፣ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነም ይህንኑ ለአይቲ መጻፍ ይገባል። ፎልደሩ በከፊል ጠፍቶ አንድ ሁለት ፋይል ብቻ ቀርተው ከታዩ ደግሞ አትንኳቸው። ሲሰረዝ አንድ ሰው ከፍቶ ይሠራባቸው የነበሩ ፋይሎች አንሰረዝም ብለው የቀሩ ይሆናሉ፤ የቀሩት ፋይሎች ስምና የከፈታቸው ሰው መሰረዙ መቼ እንደተፈጸመ ይጠቁማሉ።

አንዳንድ ቦታ ሠራተኛው ራሱ መመለስ ይችላል። ፎልደሩ ስለሌለ ራይት ክሊክ የሚደረገው እርሱን ይዞ በነበረው ፎልደር ላይ ነው፤ በእኛ ምሳሌ «ደመወዝ» በሚለው። Properties ውስጥ Previous Versions የሚለው ገጽ ቅጂዎቹን ከነሰዓታቸው ይዘረዝራል። እዚህ ላይ Open እና Restore የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ መጫን ያለበት Open ብቻ ነው። Open አሮጌውን ሁኔታ ለንባብ ይከፍታል፤ የጠፋውን ፎልደር ብቻ ከዚያ ገልብጦ መውሰድ ይቻላል። Restore ግን «ደመወዝ» የሚለውን በሙሉ ወደዚያ ሰዓት ይመልሳል፤ በሌሎቹ ፎልደሮች ውስጥ ከዚያ በኋላ የተስተካከሉ ፋይሎች ሁሉ በአሮጌ ይዘታቸው ይተካሉ። የአንድ ክፍል ፎልደር ሊመለስ የሌላው ቀን ሙሉ ሥራ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሻዶው ኮፒ አልበራም ወይም ቅጂዎቹ አልቀዋል ማለት ነው፤ ይህንንም መልእክቱ ላይ መጻፍ ለባለሙያው አንድ እርምጃ ይቀንስለታል። ፎልደሩ ያለው በሰርቨሩ D: ድራይቭ ላይ ከሆነ እርሱ የሚያረጋግጠው በዚህ ነው፦

```
vssadmin list shadows /for=D:
```

ሻዶው ኮፒ ከሌለ ወደ ሌሊቱ ባክአፕ ይኬዳል፤ የሚመለሰውም የትናንት ማታው ሁኔታ ነው። ዛሬ ጠዋት ተፈጥሮ ቅጂ ሳይያዝ ዛሬውኑ የተሰረዘ ፋይል በሁለቱም ውስጥ የለም። እርሱን ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በኢሜይል ከተላከ፣ ዴስክቶፕ ላይ ከቀረ ወይም ታትሞ ከሆነ ነው። ፋይሎቹ ሼርፖይንት ላይ ከሆኑ ነገሩ በጣም ይቀላል፤ የተሰረዘው የሳይቱ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ በጠቅላላው 93 ቀን ይቆያል። በጉግል ሼርድ ድራይቭ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ አድሚኑ የሚመልስበት ተጨማሪ 25 ቀን አለ።

«ማን አጠፋው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ መልእክት ጋር ባይላክ እመርጣለሁ። ዊንዶውስ የመሰረዝን ድርጊት በሎግ የሚመዘግበው ኦዲት የሚባለው የሰርቨሩ ክትትል አስቀድሞ ከበራና በዚያ ፎልደር ላይ ከተዘጋጀ ብቻ ነው፤ ያኔ 4663 እና 4660 በሚሉ ቁጥሮች ይገኛል። ካልበራ ዛሬ ማብራት የትናንቱን አያመጣም። የሰረዘው ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ትክክለኛውን ደቂቃ የሚያውቅ ነው። ኃላፊው ገና ከመነሻው ጥፋተኛ ሲፈልግ ያ ሰው ዝም ይላል፤ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊዘጋ ሲችል ክፍት ይቀራል።

ፎልደሩ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚታየው ፈቃዱ ነው። ከቅጂ የተገለበጠ ፎልደር እንደ አዲስ ስለሚቆጠር የሚወርሰው ያረፈበትን ቦታ ፈቃድ ነው፤ ሙሉ ክፍሉ በሚከፍተው ቦታ ካረፈ የደመወዝ ሰነድ ሁሉም ሰው ፊት ተዘረጋ ማለት ነው። ከደመወዝ ክፍል ውጪ ያለ አንድ ባልደረባ እንዲሞክር አድርጎ አለመከፈቱን ማየት ይበቃል። ቀጥሎ በፎልደሩ ላይ Properties ሲባል ስንት ፋይልና ስንት ፎልደር እንዳለ ይነግራል፤ የአሥራ ሁለቱም ወራት ፎልደሮች መኖራቸውን መቁጠር፣ በ5 ሰዓት ላይ ተሠርቶበት የነበረውን ፋይልም ከፍቶ የመጨረሻው መስመር መኖሩን ማየት ነው። በሌላ ስም ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ከተጠየቀ ከሌሎች ኤክሴል ፋይሎች ጋር ያሉት ሊንኮች የቀድሞውን አድራሻ ስለሚፈልጉ አይገኙም ይላሉ፤ ፎልደሩ በቀድሞ ስሙ ቦታው ላይ እስኪገለበጥ ሊንኮቹን አታስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ለዚያው መልእክት አጭር መልስ መጻፍ ያስፈልጋል፦ «ፎልደሩ ተመልሷል፤ የ6 ሰዓቱ ቅጂ መሆኑን አረጋግጠናል፤ ፈቃዱም ትክክል ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ቅጂ ማጥፋት ትችላላችሁ።» ይህ ካልተጻፈ የደመወዝ ሰነዱ ሁለተኛ ቅጂ በሰርቨሩ ላይ ይቀራል፤ ከወራት በኋላም አንድ ሰው ትክክለኛው መስሎት በእርሱ ላይ መሥራት ይጀምራል።